አልፕራዞላም ለሚወስድ ሰው ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝ፦ ማዘዣውን የማይበት መንገድ

የማረጋጊያ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት ያለበት ማዘዣ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ሚሊግራሙን አይደለም። መድኃኒቱ በምን ተሰባብሮ ከሰውነት እንደሚወጣ ነው የማስበው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ከጎኑ የተጻፈው አንቲባዮቲክ ወይም የፈንገስ መድኃኒት ያሳስበኝ እንደሆነ ለመወሰን ጊዜ አይፈጅብኝም።

ከማረጋጊያና ከእንቅልፍ መድኃኒቶች መካከል አልፕራዞላም፣ ሚዳዞላምና ትሪያዞላም የሚሰባበሩት በአብዛኛው ሲዋይፒ 3ኤ4 በሚባል ኢንዛይም ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ስብ ወዳድ ስለሆኑ እንዳሉ ሆነው በሽንት በቀላሉ አይወጡም። ኢንዛይሙ ኦክስጅን ይጨምርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በውኃ የሚሟሟ ነገር ይሆኑና ኩላሊት ያስወጣቸዋል። ኢንዛይሙ በጉበት ብቻ ሳይሆን በቀጭን አንጀት ግድግዳ ላይም አለ። ስለዚህ የተዋጠ መድኃኒት ከፊሉ ደም ውስጥ ሳይደርስ እዚያው አንጀት ላይ ተሰባብሮ ይቀራል። የእነዚሁ ዘመዶች የሆኑት ሎራዜፓምና ኦክሳዜፓም ግን በዚህ ኢንዛይም በኩል አያልፉም። ጉበት በሌላ ኢንዛይም ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣብቆ ይሸኛቸዋል። ዳያዜፓም መሃል ላይ ነው፤ ሲዋይፒ 3ኤ4ም፣ ሲዋይፒ 2ሲ19 የተባለው ሌላ ኢንዛይምም ይካፈሉታል።

ኢንዛይሙን የሚያግዱት መድኃኒቶች በሁለት መንገድ ይሠራሉ፤ ልዩነቱን ማወቅ ተግባራዊ ጥቅም አለው። የፈንገስ መድኃኒቶቹ ኬቶኮናዞል፣ ኢትራኮናዞልና ፍሉኮናዞል ኢንዛይሙ መሃል ካለው ብረት ጋር ይያያዙና ቦታውን ይይዙታል። እነሱ ከሰውነት ሲወጡ ኢንዛይሙ ወደ ሥራው ይመለሳል። ማክሮላይድ ከሚባሉት አንቲባዮቲኮች ውስጥ ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ግን ኢንዛይሙ ራሱ ሊሰባብራቸው ሲጀምር ተለውጠው እዚያው ተጣብቀው ይቀራሉ። ያ ኢንዛይም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ሰውነት አዲስ እስኪሠራ መጠበቅ ግድ ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ በኋላም ችግሩ ለቀናት የሚቀጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ከማክሮላይዶቹ መካከል አዚትሮማይሲን በዚህ ኢንዛይም ላይ የሚያሳድረው ጫና እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ግሬፕፍሩትም የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ በውስጡ ያሉት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ኢንዛይሙን ያበላሹታል። በተለመደው መጠን ሲጠጣ ግን የሚነካው የአንጀቱን እንጂ የጉበቱን አይደለም። አንድ ብርጭቆ ጭማቂ የሚዋጥ ሚዳዞላምን በደም ውስጥ በግማሽ ያህል ከፍ ሲያደርግ፣ በደም ሥር በሚሰጠው ሚዳዞላም ላይ ለውጥ አያመጣም። አልፕራዞላም ደግሞ ቀድሞውኑ 90 በመቶ ያህሉ አንጀትን አልፎ ደም ውስጥ ስለሚገባ ግሬፕፍሩት ብዙም አይጨምርለትም። ስለዚህ ለሁሉም ሰው በጅምላ «ግሬፕፍሩት እንዳትነካ» ማለት አልወድም። ትሪያዞላም ወይም የሚዋጥ ሚዳዞላም ለሚወስድ ሰው ግን እከለክላለሁ። ጭማቂውን ጠዋት፣ መድኃኒቱን ማታ ማድረግ አያድንም፤ የአንጀቱ ኢንዛይም ሙሉ በሙሉ ለመተካት እስከ ሦስት ቀን ይወስድበታል። የተለመደው ጣፋጭ ብርቱካን ይህ ጠባይ የለውም።

አሁን ወደ ማዘዣው እንምጣ። አንዲት የ62 ዓመት እናት ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማታ ማታ አልፕራዞላም 0.5 ሚሊግራም ይወስዳሉ እንበል። ጨጓራቸው ታይቶ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸውና ለ14 ቀን አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራምና ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ ታዘዘላቸው። አልፕራዞላሙ በዚህ ማዘዣ ላይ የለም፤ ሌላ ሐኪም፣ በሌላ ቀን ያዘዘው ነው። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ክላሪትሮማይሲን ስሰጥ «ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ወይም ለልብ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ሳልል አልሸኝም። «ሌላ መድኃኒት አለ?» ብቻ ከተባሉ ብዙ ሰዎች የማታዋን ኪኒን ከመድኃኒት አይቆጥሯትም።

የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ በሆነው በኤሪትሮማይሲን የተለካውን ለግምት ልጠቀም። ኤሪትሮማይሲን አልፕራዞላም ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ የቀረው 40 በመቶ ነው። አንድን ለ0.4 ስናካፍል 2.5 እናገኛለን። ያቺ 0.5 ሚሊግራም ኪኒን እንደ 1.25 ሚሊግራም መሥራት ትጀምራለች ማለት ነው፤ ሴትዮዋ ግን የዋጡት ያችኑ አንድ ኪኒን ነው።

ብዙ ሰው የሚዘናጋው ግን በጊዜው ነው። አልፕራዞላም በደም ውስጥ በግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በዚሁ ልኬት ከ16 ሰዓት ወደ 40 ሰዓት ረዝሟል። የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይደረብበታል። እገዳው ወዲያው ሙሉ ሆነ ብለን ብናሰላ፣ መጠኑ በአንድ ቀን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሦስት ቀን ወደ ሁለት እጥፍ፣ በሳምንት ደግሞ ወደ ሁለት ተኩል ይጠጋል። የክላሪትሮማይሲን እገዳ ራሱ ቀስ በቀስ ስለሚጠነክር እውነተኛው አካሄድ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። «ሁለት ቀን ወሰድኩት፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መልስ ስለዚህ አያሳምነኝም። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ነው የሚመጣው፦ ጠዋት አልነቃ ማለት፣ ንግግር መጎተት፣ ሲነሱ መንገዳገድ፣ የተባለውን መርሳት። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወድቆ ዳሌ መሰበር አለ። ቤተሰብ ይህን ሁሉ «አንቲባዮቲኩ አደከማት» ብሎ ያልፈዋል። ሰውየው ተቀስቅሶ የማይነቃ ወይም ትንፋሹ የቀነሰ ከሆነ ግን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት፤ በተለይ አልኮል ወይም እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያለ ሕመም ማስታገሻ ከተጨመረበት።

እንዲህ ሲሆን ማድረግ የሌለብን አልፕራዞላሙን በአንዴ ማስቆም ነው። ለወራት የወሰደ ሰው ድንገት ሲያቋርጥ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም የሚጥል ሕመም ሊመጣበት ይችላል። እኔ ወደ ሐኪሙ ደውዬ የማቀርበው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የጨጓራው ሕክምና ክላሪትሮማይሲን በሌለበት መቀየር ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል ያለበት የአራት መድኃኒት ሕክምና አለ። ይህ ካልተቻለ ለሕክምናው ጊዜ አልፕራዞላሙ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንዲቀነስ ነው። ወደ ሎራዜፓም መቀየር በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል፤ ለአጭር ጊዜ ብቻ መድኃኒት መለዋወጥ ግን የመጠን ስሕተት ስለሚጋብዝ መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዳያዜፓምም መሸሻ አይሆንም፤ ክላሪትሮማይሲን በአንድ በኩል፣ ኦሜፕራዞሉ ደግሞ በ2ሲ19 በኩል ይይዙታል።

በፈንገስ መድኃኒትም የማየው ነገር ተመሳሳይ ነው። የሚዋጥ ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል ከአልፕራዞላም ጋር ጨርሶ መሰጠት የለባቸውም፤ ፍሉኮናዞል ከእነሱ የለዘበ ቢሆንም ለቀናት ሲወሰድ ይቆጠራል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ክሎትሪማዞል አያሳስበኝም። ለጥፍር ፈንገስ ከሆነ ተርቢናፊን 3ኤ4ን ስለማያግድ ሐኪሙ እንዲያስብበት እጠቁማለሁ።

መጠኑ ተቀንሶ ከሆነ መቼ እንደሚመለስም አስቀድሜ እጽፍላቸዋለሁ። የመጨረሻው የክላሪትሮማይሲን ኪኒን በተዋጠ ማግሥት አይደለም። ጉበት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ቀናት ስለሚያስፈልጉ፣ በተቀነሰው መጠን አንድ ሳምንት ያህል ቆይተው በሐኪማቸው ትእዛዝ ወደ 0.5 ሚሊግራም ይመለሳሉ። በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ቢያንሳቸው ሁለተኛ ኪኒን እንዳይጨምሩ፣ አብሯቸው ለሚኖረው ሰውም እነግራለሁ።