82 ኪሎ ጁል የት ገባ?

ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማረሚያውን ያዘጋጁት ደግሞ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው። ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና የሚሠራው እንዲህ ተከፋፍሎ ነው፤ ጥፋት ሲመጣም ተከፋፍሎ ይመጣል።

ጥያቄው ቀላል ነበር። የሚቴን መቃጠል ተሰጥቷል፦

CH4(g) + 2O2(g) → CO2(g) + 2H2O(l)

ከሥሩ አራት የቦንድ ኃይሎች አሉ፤ ሁሉም በኪሎ ጁል በሞል ናቸው። C–H 413፣ O=O 495፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው C=O 799፣ O–H 463። «የኃይል ለውጡን አስሉ፤ ኤክሶተርሚክ ወይስ ኢንዶተርሚክ መሆኑን ግለጹ» ይላል። አራት ነጥብ ይይዛል።

በማረሚያው ላይ የተጻፈው መልስ −890 ነው። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ማረም ጀመርኩ። ማረም ከጀመረ ሰው ማሰብ መጠበቅ ግፍ ነው። −890 የጻፈ ሁሉ አራት አገኘ፤ ሌላ ቁጥር የጻፈ ስለ ድካሙ አንድ ተሰጠው።

ወረቀት በተመለሰ ማግሥት አንዲት ተማሪ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ፀጥተኛ ልጅ ናት፤ ነጥብ ለመለመን የሚመጡትን ስለማውቃቸው ከእነርሱ እንዳልሆነች ወዲያው ገባኝ።

«መምህር፣ ነጥብ እንዲጨመርልኝ አይደለም። የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ ያሳዩኝ።»

ወረቀቷን ተቀበልኳት። የሚሰበሩት አራት C–H ናቸው፤ 1652። ሁለት O=O ሲጨመርባቸው 990፤ ድምሩ 2642። የሚፈጠሩት ሁለት C=O፣ 1598፤ አራት O–H፣ 1852፤ ድምሩ 3450። ለመስበር ከወጣው ላይ ሲፈጠር የተገኘው ሲቀነስ −808። ምልክቱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ኤክሶተርሚክ፣ ሙቀት የሚለቅ። መስመር ፈለግኩ፤ ስህተት ያለበት መስመር አልነበረም።

እንግዲህ መምህር ሲጨንቀው የሚሸሸግበት አንድ ዋሻ አለ፤ እኔም ገባሁበት። «የቦንድ ኃይል አማካይ ዋጋ ነው» አልኳት። «አንድ ዓይነት ቦንድ በተለያዩ ሞለኪውሎች ውስጥ የተለያየ ጥንካሬ ስላለው በሠንጠረዥ ከተመዘገበው ውጤት ትንሽ ይርቃል።»

«ትንሽ ማለት 82 ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «ነገ ተመለሺ» አልኳት።

ስትሄድ ሙሉ ነጥብ ያገኙትን ወረቀቶች መልሼ ገለጥኩ። አንዱ ልጅ እንደ እርሷ ሁሉንም አስልቶ፣ 2642 − 3450 ብሎ ጽፎ፣ ከእኩል ምልክቱ በኋላ −890 አስቀምጧል። ይህ ቅናሽ −890 የሚሆንበትን አገር እኔ አላውቅም። ልጁ ግን ያውቅ ነበር፤ ቁጥሩ ከቃጠሎ ኢንታልፒ ሠንጠረዥ ላይ በቃል የተያዘ ነው። ሌሎቹም እንዲሁ። ከተሰጡት አራት ቁጥሮች በመነሣት 890 ላይ የሚያደርስ ሐቀኛ መንገድ የለም። እኔ ሳላውቅ የሸለምኩት አስልቶ የማያምነውን ነው።

ከሰዓት በኋላ የመምህራን ክበብ ገባሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያችን የሻዩን ድስት ክዳን ሲያነሡ እንፋሎቱ እጃቸውን ለበለባቸው። «ወላሂ፣ የፈላው ውኃ ራሱ ቢነካኝ ይሻለኝ ነበር!» አሉ እጃቸውን እያራገፉ። እኔ «አብሽሩ» ማለት ሲገባኝ ወረቀት ፍለጋ ኪሴን ዳበስኩ። እስከ ዛሬ ይነሡብኛል።

እንፋሎት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ሲለወጥም ሙቀት ይለቃል። በ25 ዲግሪ ሲታሰብ በሞል 44 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ከሚቴን ቃጠሎ ሁለት ሞል ውኃ ስለሚገኝ 88 ይሆናል። የቦንድ ኃይል ሠንጠረዥ የሚናገረው ደግሞ ስለ ጋዝ ብቻ ነው፤ ተነጥለው ስለሚንሳፈፉ ሞለኪውሎች። በፈሳሽ ውኃ ውስጥ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው ስበት እዚያ ውስጥ የለም። ከ890 ላይ 88 ሲነሣ 802 ይቀራል፤ ውኃው እንፋሎት ሆኖ ሲቀር የሚገኘው እውነተኛ ዋጋ ይኸው ነው። የልጅቷ 808 ከእርሱ የሚርቀው በ6 ብቻ ነው። «አማካይ ዋጋ» የሚባለው ሰበብ ሊሸከም የሚችለው ይህችን 6 ነበር። የቀረው የእኔ ጥፋት ነው፤ ከውኃው ጎን በቅንፍ ውስጥ የፈሳሽ ምልክት የሆነችውን l የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጋዟ g መሆን ነበረባት።

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ በዚህ ጥያቄ 890 አይወጣም።»

«በማረሚያው ላይ የተጻፈው መልሱ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ።

የማረሚያውን ጀርባ ገልብጬ ሥዕል ጀመርኩ። መሐል ላይ ሚቴንና ኦክስጅን። ከእነርሱ 2642 ወደ ላይ፣ ሁሉም ነገር ተበታትኖ አቶም ብቻ የቀረበት ደረጃ። ከዚያ 3450 ወደ ታች፤ መስመሩ ከመነሻው በ808 ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና እንፋሎት። ከእርሱም ሥር ሌላ አጭር ደረጃ፣ 88፤ እንፋሎቱ ውኃ ሲሆን።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ 2642 ያልከው ጉብታው ነው?»

አይደለም። ተማሪዎችም ሁልጊዜ የሚያምታቱት ይህንኑ ነው። የማነሣሻው ጉብታ፣ አጸግብሮቱ እንዲጀምር የሚያስፈልገው ኃይል፣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ አሮጌው ቦንድ ሁሉ ተበጥሶ እስኪያልቅ አዲሱ አይጠብቅም፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሁሉንም አስቀድሞ መበታተን ግድ ቢሆን በአንድ ክብሪት ጋዝ የሚለኩስ አይኖርም ነበር። የአቶሞቹ ደረጃ ለሒሳብ የምንወጣበት መሰላል ነው፤ አጸግብሮቱ ራሱ አይወጣበትም።

ኃላፊው ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም አስተዳዳሪ የሚያደርገውን አደረጉ፤ «ሁለቱንም መልስ ትክክል አድርገው።» ልጅቷ አራቷን አገኘች። 2642 − 3450 = −890 ያለው ልጅም አራቱ ሳይነካ ቀረ። በማግሥቱ ስነግራት «እሺ፣ መምህር» ብቻ አለች፤ ስለ እርሱ ግን ሰምታ ነበር።

በዓመቱ ጥያቄውንም ማረሚያውንም እኔው እንድሠራ ጠየቅኩ። ከውኃው ጎን g ጻፍኩ፤ እንዲያውም ከሥሯ አሰመርኩባት። መልሱ ወደ −800 የሚጠጋ እንደሚሆን እርግጠኛ ስለነበርኩ አላሰላሁም፤ «ከ−800 እስከ −810 ያለው ሁሉ ይያዝ» ብዬ ጻፍኩ። የቦንድ ኃይሎቹን ከሌላ መጽሐፍ ጀርባ ቀዳሁ፤ C=O 745።

745 የብዙ የካርቦን ውሕዶች አማካይ ነው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቦንድ ከዚያ ይጠነክራል። በ745 ሲሰላ የሚፈጠሩት 3342 ይሆናሉ፤ ውጤቱም −700።

አርባ ያህል −700 ከደረደርኩ በኋላ ወረቀቶቹን ታቅፌ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ሰምተው ጨረሱና መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወለወሉት።

«ማረሚያውን ያዘጋጀው ማን ነው?» አሉኝ።