በሩን የከፈተችው ማን ናት?

ዛሬ ማታ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ድርሰቶች ሳርም አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ብዙ ቆየሁ። ተማሪዋ የቤታቸውን ማለዳ ስትተርክ እንዲህ ጽፋለች፦ «እናቴ ከሁላችንም ቀድማ ትነሣለች። በሩን ከፍታ ድመቷ ወደ ግቢ ሮጠች።» ልጅቷ ልትል የፈለገችው ግልጽ ነው፤ የተጻፈው ግን በሩን የከፈተችው ድመቷ እንደ ሆነች ይናገራል። «ከፍታ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ የራሱ ባለቤት በአጠገቡ ስላልተጻፈለት፣ ቀጥሎ ያገኘውን አንስታይ ስም ባለቤቱ አድርጎ ይይዛል።

ይህ ስሕተት በአማርኛ ብዙ ጊዜ ተደብቆ የሚያልፈው የግሡ መድረሻ ባለቤቱን ስለሚጠቁም ነው። ተማሪዋ «በሩን ከፍቼ ድመቷ ወደ ግቢ ሮጠች» ብላ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ «ከፍቼ» ከ«እኔ» ውጪ ባለቤት የለውምና። ስለ አያቷ በአክብሮት «በሩን ከፍተው» ብትልም ድመቷ ከጥርጣሬ ትወጣ ነበር። አደጋው የሚመጣው ሁለቱ ባለቤቶች በመደብ፣ በጾታና በቁጥር ሲመሳሰሉ ነው፤ እናትና ድመት ሁለቱም «እሷ» ናቸው። ስለዚህ ቦዝ አንቀጽ ባየሁ ቁጥር «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብዬ እጠይቅና መልሱን ከዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ እፈልጋለሁ። መልሱ ያለው በቀደመው ዐረፍተ ነገር ወይም በጸሐፊው ሐሳብ ውስጥ ብቻ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ መታረም አለበት።

ማረሙ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ከፍታ»ን በ«ስትከፍት» መለወጥ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ «በሩን ስትከፍት ድመቷ ወደ ግቢ ሮጠች» ቢባል አሁንም የከፈተችው ድመቷ ትመስላለች። የሚያድነው ባለቤቱን መጻፍ ነው፦ «እናቴ በሩን ስትከፍት ድመቷ ወደ ግቢ ሮጠች።» ሌላም መንገድ አለ፦ «እናቴ በሩን ከፍታ ድመቷን ወደ ግቢ ለቀቀቻት።» ይህኛው ሁለቱን ድርጊቶች ለአንድ ባለቤት ስለሚሰጥ ጥሩ ሰዋስው ነው፤ ነገር ግን እናትየዋ ድመቷን ሆን ብላ እንዳስወጣቻት ስለሚያስመስል ትርጉሙ ይለወጣል። የትኛው እውነት እንደ ሆነ የምታውቀው ተማሪዋ ስለሆነች ሁለቱንም በደብተሯ ኅዳግ ላይ ጽፌ ምርጫውን ለእሷ ትቻለሁ።

እዚህ ላይ ለራሴ አንድ ነገር መዝግቤ መያዝ እፈልጋለሁ። አንዳንድ መምህራን ቦዝ አንቀጹና ማሰሪያ አንቀጹ የተለያየ ባለቤት ካላቸው ዐረፍተ ነገሩን ስሕተት ይሉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። «ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ያማረ አማርኛ ነው፤ እያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን በአጠገቡ ይዟልና። ጥፋቱ የባለቤቱ መታጣት እንጂ የባለቤቶቹ መለያየት አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው በ«በመ–» የሚጀምረው አነጋገር ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ባለቤቱን የሚጠቁም መድረሻ እንኳን የለም። አንድ ተማሪ ስለ ትምህርት ቤቱ ችግኞች «በየቀኑ ውኃ በማጠጣት ችግኞቹ ቶሎ አደጉ» ብሏል። ያጠጣው ማን ነው? ችግኞቹ ራሳቸው ሊሆኑ አይችሉም፤ ሌላ ሰው ደግሞ አልተጠቀሰም። ደስ የሚለው መድኃኒቱ ትንሽ መሆኑ ነው፤ «በማጠጣት» የሚለው ላይ ባለቤቱን የሚያሳይ ምዕላድ መጨመር ይበቃል፦ «በየቀኑ ውኃ በማጠጣታችን ችግኞቹ ቶሎ አደጉ።» እንዲሁም «ደጋግሞ በማንበብ ፈተናው ቀለለኝ» የሚለው «ደጋግሜ በማንበቤ ፈተናው ቀለለኝ» ሲባል ይቃናል። «ደጋግሞ» ወደ «ደጋግሜ» መለወጡ መረሳት የለበትም፤ ተማሪዎች አንዱን አርመው ሌላውን ይተዉታል።

የቦታ ስሕተት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጊዜ ገላጮች ላይ ነው። «ትናንት መምህሩ የሰጡንን የቤት ሥራ ሠራሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትናንት የተሰጠውን የቤት ሥራ ነው የሚናገረው ወይስ ትናንት የተሠራውን? ገላጩ ከፊት ሲቀመጥ ለሁለቱም ግሦች ክፍት ይሆናል። ሥራው የተሠራው ትናንት ከሆነ ገላጩን ወደ ማሰሪያ አንቀጹ ማስጠጋት ነው፦ «መምህሩ የሰጡንን የቤት ሥራ ትናንት ሠራሁ።» የተሰጠው ትናንት ከሆነ «መምህሩ ትናንት የሰጡንን የቤት ሥራ ሠራሁ» ይሆናል። ከ«ትናንት» በኋላ ነጠላ ሰረዝ አድርጎ ማለፍም ይቻላል፤ ነገር ግን ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሰረዙ ስለማይሰማ ቃሉን ማዛወሩን እመርጣለሁ። ይህን የጻፈው ልጅ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ከድርሰቱ ስላልታወቀኝ ዐረፍተ ነገሩን ሳላርም አስምሬበት «መቼ ተሰጠ? መቼ ተሠራ?» ብዬ ከጎኑ ጽፌያለሁ።