የተጋደመው ጥርስ የከለለው ቀዳዳ

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት የግራ ታችኛው መንጋጋው አሞት ወደ ክሊኒካችን መጣ። ቀዝቃዛ ነገር ከጠጣ ሕመሙ ቶሎ አይለቀውም። ሌሊትም ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ጥርሶቹንና መንጋጋዎቹን ሁሉ በአንድ ምስል የሚያሳይ ፓኖራሚክ ራጅ ተነሣ።

አብራኝ የምትሠራው ወጣት ሐኪም ምስሉን እንዳየች «ዶክተር፣ 38 ነው፤ ነቅለን እንገላግለው» አለችኝ። ጥርሱ በእርግጥም ዓይን ይስባል። በጥርስ ቁጥር 38 የሚባለው የጥበብ ጥርሱ ወደ ፊት ተጋድሞ፣ አናቱን ከፊቱ ባለው በ37 አንገት ላይ አስደግፎ ተቀርቅሯል።

እኔ ፓኖራሚክ ሳነብ ጎልቶ የሚታየውን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። አስቀድሜ ጥርሶቹን የያዘውን አጥንት ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር እከተላለሁ። ጤነኛ ከሆነ የጥርሱ ጠንካራ ልባስ፣ ኢናሜሉ፣ ካለቀበት ቦታ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። የልጁም እንደዚያው ነበር፤ ከ37 ኋላ ስንደርስ ግን ወደ ሥሩ ቁልቁል ወረደ። «እዚህ ብቻ ለምን ጎደለ?» አልኳት።

ያኔ ጠጋ ብላ አየች። እዚያው 37 አንገት ላይ፣ 38 በተደገፈበት በኩል፣ ጠቆር ያለ ጥላ አለ። ጥላ ሁሉ መቦርቦር አይደለም። ጨረሩ በጥርስ አንገት በኩል በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በኢናሜሉና በአጥንቱ መካከል የውሸት ጥቁረት ይፈጠራል። እሱ ግን ዳሩ ደብዝዞ ይጠፋል፤ ራጁ በሌላ አቅጣጫ ሲነሣም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የዚያን ጥርስ ብቻ ትንሽ ራጅ አነሣን። ጥላው አልጠፋም። እንዲያውም ዳሩ የተበላ ሆኖ፣ ወደ ጥርሱ ነርቭ ተጠግቶ ታየ።

37ን በቅዝቃዜ ስንነካው ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ ቅዝቃዜው ከተነሣ በኋላም ሕመሙ ቆየበት። ከኋላው ድዱን ፕሮብ በሚባለው ቀጭን መለኪያ ስንለካ 7 ሚሊ ሜትር ገባ። የሚያመው 37 ነው። ምግብና ቆሻሻ ሁለቱ ጥርሶች መካከል እየተጠራቀመ ጥርሱን ቦረቦረው፤ አጥንቱንም በላው። 38ን ብቻ ነቅለን ብንሸኘው ኖሮ ሕመሙን ይዞት ይመለስ ነበር።

38 መነቀሉ ግን አልቀረም፤ እሱ እያለ ቀዳዳው ጋ መድረስ አይቻልም። ከመንቀላችን በፊት የታችኛው ነርቭ የሚያልፍበትን ቦይ አየን። የቦዩ ነጭ መስመር ከሥሩ ጋር ሲገናኝ አልተቋረጠም፤ ሥሩም እዚያ ጋ አልጠቆረም። ቢሆን ኖሮ ሲቲ እናዝዝለት ነበር። ለልጁም ቀዳዳው ከአጥንት በታች ከወረደ 37ም ላይተርፍ እንደሚችል አስቀድመን ነገርነው። ደግነቱ አልወረደም። ሩት ካናል ተሠርቶለት ጥርሱ ተረፈ።

«ሌላ የተቦረቦረ የለም» ብለን ፋይሉን ከመዝጋታችን በፊት ግን የጎን ጥርሶችን መሃል አጥርቶ የሚያሳየውን ትንሽ ራጅ፣ ባይትዊንግ፣ ጨመርን። ፓኖራሚክ ላይ ከውሻ ጥርስ ኋላ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ስለሚደራረቡ በመሃላቸው ያለው አይለይም። ላይ በቀኝ በኩል፣ በሁለቱ መካከል፣ ገና የጀመረ መቦርቦር አገኘን።