ፈተና በአንባቢና በጸሐፊ፦ እኔ እንዴት ተወጣሁት

ዓይነ ስውር ነኝ። ክፍለ ሀገር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሬ ጨርሻለሁ። ብዙ ጀማሪ ተማሪዎች ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ፈተናው ነው የሚጠይቁኝ። ማን ያነብልኛል? መልሱን ማን ይጽፍልኛል? ሰዓቱስ እንዴት ይሆናል? እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሕጉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 በአንቀጽ 40 ላይ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የፈተና ሰዓት ማራዘሚያ እንደሚያገኙ ይናገራል። ግን “አስፈላጊና የሚቻል በሆነ መጠን” ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ስንት ደቂቃ እንደሚጨመር አይልም። አዋጁ ኋላ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1152 ተተክቷል። እኔ ግን አንደኛ ዓመት ሳለሁ አንቀጽ ጠቅሼ ዲፓርትመንት ስሄድ የገባኝ ነገር አለ። መብቱን የሚክድ ሰው አልገጠመኝም። ችግሩ ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ ማንም አልጻፈውም።

የመጀመሪያው ሚድ እንዲህ ነበር። ፈተናው ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ለእኔ አንድ ሰዓት ተጨምሮልኛል ተባለ። አንባቢ የተባለው ልጅ ዘግይቶ መጣ። የተሰጠን ክፍል ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቢሮ ነው። ፈታኙ የሌሎቹን ወረቀት ሰብስቦ ሲጨርስ ወደ እኛ መጣና “በቃ፣ አምጪ” አለኝ። ተጨማሪው ሰዓት በወሬ ነበር፤ ወረቀት ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይሄዳል፤ ግልባጩ ለየኮርሱ መምህር። አንድ ገጽ አይሞላም። ዋናው ነገር ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር መጻፉ ነው፦ “አንባቢው ወረቀቱን ይዞ አጠገቤ ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ።” ሁለተኛው፣ ፈታኙ የጀመርንበትንና የምንጨርስበትን ሰዓት በፈተናው ወረቀት የፊት ገጽ ላይ ጽፎ እንዲፈርም መጠየቄ ነው። ይቺ ትንሽ ፊርማ ብዙ ጭቅጭቅ አስቀርታልኛለች። ፈታኝ በመሀል ቢቀየር እንኳ አዲሱ የሚያየው የተጻፈውን ሰዓት ነው።

ክፍሉን በተመለከተ “ፀጥ ያለ” ብቻ አትበሉ። የሁሉም ሰው ፀጥታ ይለያያል። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ አንባቢው ጮክ ብሎ ስለሚያነብ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር መሆን አንችልም፤ መተላለፊያም ላውንጅ አጠገብም አይሁን፤ ሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎችም አንድ ክፍል ውስጥ አይደረጉ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም። “ሁለታችሁንም አንድ ላይ አድርገናችኋል” ሲሉን የጠቀሙን ይመስላቸዋል። ሁለት አንባቢ በአንድ ክፍል ሲያነብ ግን የጓደኛህን ጥያቄ ነው የምትመልሰው።

አሁን ወደ አንባቢው። ብዙዎቻችን የክፍል ጓደኛችንን ወይም የዶርም ልጅ እንመርጣለን። እኔ አልመክርም። ጓደኛ ትምህርቱን ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ ድምፁ ያወራል። ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ረጋ ይላል፤ የተሳሳተውን በጥድፊያ ያልፈዋል። ወይም መልሴን ስነግረው “እርግጠኛ ነሽ?” ይለኛል። ይቺ ጥያቄ ራሷ መልስ ናት። ጥሩ ውጤት ባመጣሁ ቁጥር “አንባቢዋ ነግሯት ነው” የሚል ሐሜት መስማት ደግሞ ሰልችቶኝ ነበር። ስለዚህ አካውንቲንግ የሚማር ልጅ ፈለግኩ። ሕግ አንድም ኮርስ አልወሰደም። የቱ ትክክል እንደሆነ ስለማያውቅ ድምፁ የሚያወራው ነገር የለም።

ይህ ምርጫም ጣጣ አለው። የሕግ ፈተናችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ቃላቱን አያውቃቸውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፈተና በፊት የኮርሱን ዋና ዋና ቃላት አንድ ገጽ ላይ አሳትሜ እሰጠዋለሁ። አንድ ማታ ደግሞ በቆየ ፈተና እንለማመዳለን። ስምምነታችን ቀላል ነው። የጥያቄውን ቁጥርና ነጥቡን ያነባል። አራቱንም ምርጫ በአንድ ዓይነት ድምፅና ፍጥነት ያነባል። “ሐን ድገምልኝ” ካልኩት ሐን ብቻ ይደግማል። የማያውቀው ቃል ከገጠመው በግምት አያነበውም፤ ፊደል በፊደል ይነግረኛል። “ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው” የሚል ጥያቄ ከሆነ ምርጫዎቹን ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ያነባል። ያቺን “ያልሆነው” የምትል ቃል መስማት ያለፈው ሰው አራት ምርጫ በከንቱ ያዳምጣል።

የጊዜው ነገር የሚለየው በጥያቄው ዓይነት ነው። ምርጫ ብዙም አይከብድም። ሰዓት የሚበላው አዛምድ ነው። በሀ ሥር አሥር፣ በለ ሥር አሥራ ሁለት ነገር አለ እንበል። ዓይን ያለው ተማሪ ወዲያና ወዲህ ያያል። አንባቢዬ ግን ለእያንዳንዱ የሀ ጥያቄ የለን ዝርዝር እንደ አዲስ ካነበበ፣ መቶ ሃያ ንባብ ነው። ግማሽ ሰዓት እዚያው ያልቃል።

መፍትሔው ብሬይል ሆነ። ብሬይል የሚጻፍበትን ሰሌዳ ማለትም ስሌቱን፣ ነጥቡን የምወጋበትን ስታይለሴንም ይዤ እገባለሁ። አንባቢዬ የለን ዝርዝር አንዴ ብቻ ያነባል፤ እኔ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ ቃል እወጋለሁ። በስሌት ሲጻፍ ነጥቡ የሚወጣው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሥራ ሁለቱንም ሳልጨርስ አላወጣም። ከዚያ እገለብጠውና በጣቴ ሥር ዝርዝሩ ይቀመጣል። አንባቢዬ የሀን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያነባል። ሃያ ሁለት ንባብ፣ አለቀ። ስታይለሱ ድምፅ ስለሚያወጣ አንድ ፈታኝ ይዤው ስገባ ከልክሎኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው ውስጥ “ብሬይል መጻፊያ ይዤ እገባለሁ” የሚል መስመር ጨምሬያለሁ።

የኬዝ ጥያቄ ሌላ ዓለም ነው። የውል ሕግ ፈተና ላይ የገጠመኝ ዓይነት ልንገራችሁ። ሰውየው ቤቱን በቃል ሸጠ። ገዢዋ ግማሹን ከፈለች። ሻጩ ሐሳቡን ቀየረ። ውል አለ ወይ? ኬዙ ገጽ የሚሞላ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን አስነብባለሁ፤ ቀጥሎ ኬዙን ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ላይ ስሞችና ቀኖችን በብሬይል እይዛለሁ። ከዚያ አንባቢዬን ዝም አሰኝቼው የመልሴን አጥንት በብሬይል እወጋለሁ። ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1678 ውል እንዲጸና የሚጠይቃቸውን በአራት ቃል፦ ችሎታ፣ ፈቃድ፣ ጉዳይ፣ ፎርም። እዚህ ኬዝ ላይ ጣጣው ፎርም ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን የሚለው 1723 አለ። ፎርሙን ካላሟላ ደግሞ 1720 እንደ ረቂቅ ብቻ ነው የሚያየው። ይህ ሁሉ ከጽሑፉ በፊት ጣቴ ሥር ከሌለ ስናገር እንዘላዘላለሁ። ጸሐፊ ደግሞ እንደ አፌ እንጂ እንደ ሐሳቤ አይጽፍም።

ሳስጽፍ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ነው፤ ነጥብና ሰረዙንም እናገራለሁ። የአንቀጽ ቁጥር አኃዝ በአኃዝ፦ አንድ፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። 1678 ከ1687 ጋር ሲቀያየር መምህሩ እኔ እንዳላወቅኩ ነው የሚያየው። በጣም የምጠነቀቀው ለሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ቮይድ እና ቮይዳብል። የመጀመሪያው ከመነሻው ውል የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ውሉ አለ፤ አንዱ ወገን ጠይቆ ሊያስፈርሰው ይችላል። ፈጥኖ ለሚጽፍ ጆሮ ይመሳሰላሉ። የቤቱ ኬዝ ላይ ቃሉ ከተቀየረ መልሱ በሙሉ ተገለበጠ። ስለዚህ ሁለቱን ሁልጊዜ ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ። ጸሐፊው በየዓረፍተ ነገሩ እንዲያነብልኝ አላደርግም፤ ሰዓት ይበላል። አንቀጹ ሲያልቅ አንዴ ያነብልኛል፤ እዚያ እናርማለን።

ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ኬዙን በላፕቶፕ መሥራት ጀመርኩ፤ ምርጫውን ከአንባቢ ጋር። NVDA ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ነጻ ስክሪን ሪደር ነው፤ ብር አይጠይቅም። መምህሩ ጥያቄውን በፍላሽ ያመጣል፣ ኢንተርኔት ይዘጋል፣ እጽፋለሁ፣ ይታተማል፣ በየገጹ እፈርማለሁ። ጣጣው ፋይሉ ነው። ስካን የተደረገ ወረቀት ለሚያይ ሰው የፈተና ወረቀት ነው፤ ለNVDA ግን ፎቶ ነው፣ እንደ ጽሑፍ በቀጥታ አያነበውም። ስለዚህ መምህሩን “እባክዎ የጻፉበትን የወርድ ፋይል እንጂ ስካኑን አያምጡልኝ” ብዬ ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት።

ሁሉም ሰው ግን የእኔን ዓይነት ዝግጅት አይፈልግም። የዶርም ጓደኛዬ እጇ ላይ ጉዳት ስላለ የምትፈልገው ጸሐፊ ብቻ ነው፤ ራሷ ታነባለች። ሌላ የማውቀው ልጅ ዓይኑ በከፊል ያያል። እሱ ወረቀቱ በትልቅ ፊደል እንዲታተምለትና መስኮት አጠገብ እንዲቀመጥ ነው የሚፈልገው። አንባቢ መድበውለት ሲያበቁ “ረዳነው” ብለው ነበር፤ እሱ ግን በሰው ድምፅ ማንበብ አልለመደም።

የመጨረሻው ፈተናዬ በኮምፒውተር ነበር፤ የመውጫ ፈተና ከመምጣቱ በፊት የሚሰጠው ሞዴል። ሙድል በተባለው የኦንላይን ትምህርትና ፈተና ሲስተም ላይ ነው የተሰጠን። ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ ይቆጥራል፤ ሲያልቅ ራሱ ያስረክባል፤ ለፈታኝ የምትለምኑት ነገር የለም። እዚህ ላይ ተጨማሪ ሰዓት የሚሰጠው ፈታኝ ሳይሆን የሲስተሙ ሴቲንግ ነው። መምህሩ ፈተናው ውስጥ ገብቶ User overrides የሚለው ላይ የእኔን ስም መርጦ Time limit የሚለውን ያረዝማል። ብዙዎች እዚያ ያቆማሉ። ፈተናው Close the quiz የተባለ የመዝጊያ ሰዓትም ካለው እሱም መራዘም አለበት፤ አለበለዚያ ሦስት ሰዓት ተሰጥቷችሁ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ለሁሉም ሲዘጋ ለእናንተም ይዘጋል። ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን የላብ ቴክኒሻኑ ዘንድ ሄጄ “ወንድሜ፣ በእኔ ስም የመዝጊያው ሰዓት ስንት ይላል?” አልኩት። ከፍቶ አየና የሌሎቹን ሰዓት ነገረኝ። መምህሩ ስልክ ተደውሎላቸው እዚያው አስተካከሉት።