የጣሪያ ብርሃን ስራዬ፣ ሁለተኛው ክረምት

ሰላም ቤተሰብ፣ ጓሮ ያለችው የእንጨት ስራ ክፍሌ ጣሪያ ነገር የት ደረሰ ላላችሁኝ ይኸው። ክፍሏ 4 በ6 ናት፣ አዲስ አበባ፣ ኮርኒስ የሌላት ቆርቆሮ ቤት።

አምና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቆርቆሮ 3 አስገብቼ ነበር፣ ሲደመር ወደ 4.8 ካሬ፣ የወለሉን 20 ፐርሰንት ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ እኛ ጋ እኩለ ቀን ከአናት በላይ ናት፣ በካሬ ሜትር ወደ 1000 ዋት ታወርዳለች፣ ጥርት ያለው ደግሞ አብዛኛውን ስለሚያሳልፍ ክፍሉ ውስጥ 4 የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደለኮስኩ ነው የሚቆጠረው። ብርሃኑም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ በእርሳስ ያሰመርኩት መስመር ሁሉ አይታየኝም። አሁን ሶስቱንም አንስቼ ሁለቱን ቦታ በቆርቆሮ ዘጋሁ፣ አንዱ ላይ ወተት የሚመስለውን አስገባሁ፣ እሱ ብርሃኑን በትኖ ነው የሚያወርደው፣ 7 ፐርሰንት ገደማ ቢሆንም ለስራ በቂ ነው። ክረምት ዳመና ከባድ ሲሆን ግን ከሰዓት አምፖል አበራለሁ።

ያስለቀሰኝ ለብርሃን ብዬ ጣሪያው ላይ ያወጣሁት የመስታወት ሳጥን ነው፣ ከዕቃ ማስቀመጫው በላይ ያለው፣ 60 በ60 ሴንቲ። አምና ዙሪያውን ሲሊኮን ለቀለቅኩት፣ ደረቀ ስል ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ማንጠባጠብ። ቆርቆሮው በየቀኑ በፀሐይ እየተለጠጠ ማታ እየተሸበሸበ ሲሊኮኑን ይቀደዋል ለካ። በጋ ላይ በጎማ ውሃ ፈተንኩት፣ ከታች ጀምሬ 10 ደቂቃ፣ ከዛ ጎንና ጎኑን፣ መጨረሻ ላይ ከላይ። ከላይ በኩል ስደርስ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ውሃው በቆርቆሮው ቦይ እየሮጠ ይመጣና ሳጥኑ ይገታዋል፣ መሄጃ ሲያጣ ይጠራቀምና በስንጥቁ ይገባል።

ስለዚህ ሳጥኑን ከቆርቆሮው 15 ሴንቲ ከፍ አደረግኩት፣ ከላይ በኩል ጠፍጣፋ ላሜራ አስቆርጬ አንዱን ጫፉን በላይኛው ቆርቆሮ ስር 30 ሴንቲ አስገባሁት፣ ሌላውን ወደ ሳጥኑ ግድግዳ አጠፍኩት፣ መሃሉን ደግሞ እንደ ትንሽ ጣሪያ አሾልኩት፣ ውሃው ግራና ቀኝ እንዲከፈል። ከታች በኩል ግን ተቃራኒው ነው፣ ላሜራው ከቆርቆሮው በላይ ነው የሚያርፈው። ሁልጊዜ የላይኛው የታችኛውን እየደረበ ከሄደ ሲሊኮን ላይ መተማመን የለም።

ሐምሌን ሙሉ ደረቅ ነበር። ህዳር ላይ ጠዋት ጠብታ አይቼ ደንግጬ ነበር፣ ዝናብ ግን የለም፣ በእጄ ስነካው መስታወቱ ውስጡ በሙሉ ላብ ነው፣ 4 ሰዓት ላይ ደረቀ። ፍሳሽ ቢሆን በአንድ በኩል ብቻ ነበር የሚወርደው። አሁን ለአየር ማለፊያ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ እየከፈትኩ ነው፣ ሲያልቅ አሳውቃችኋለሁ።