በዘመን መስመሩ ላይ የቱ ይቅላ?

በአርታኢነት በምሠራበት አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አጋዥ የሚሆን የዓለም ታሪክ መጽሐፍ በማዘጋጅበት ወቅት፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የሚናገረው ምዕራፍ ፕሩፍ ከገጽ አቀናባሪው ተመልሶ መጣልኝ። በገጹ ግርጌ የተዘረጋው የዘመን መስመር ኔሮን በሮም ከነገሠበት ዘመን፣ ከ64፣ አንሥቶ እስከ ቆስጠንጢኖስ ዘመን፣ እስከ 313፣ ድረስ ወጥ በሆነ ደማቅ ቀይ ተሞልቷል። ከመስመሩ በላይ ያለው ካርታም ከብሪታንያ እስከ ግብፅ በዚያው ቀይ ተቀብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገጹን የተመለከተ ተማሪ ክርስቲያኖች ለ249 ዓመታት፣ በግዛቱ ሁሉ፣ ያለ አንዳች ፋታ ሲታደኑ ኖሩ ብሎ ከመደምደም በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ይህን እንዳለ አሳልፌ ለማተሚያ ቤት መስጠት አልፈለግኩም፤ ምክንያቱም ዘመኑን የሚያጠኑ የታሪክ ባለሙያዎች በብዙ ጉዳይ ቢለያዩም ስደቱ የተቆራረጠ፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ከተማ ወይም በአንድ አውራጃ የተወሰነ እንደነበር ይስማማሉ። ስለዚህ ቀለሙን በሦስት ከፍዬ አዲስ ንድፍ አቀረብኩ። ደማቅ ቀይ ከንጉሠ ነገሥቱ ወጥቶ ግዛቱን ሁሉ ለሚመለከት አዋጅ፣ ቀይ ነጥብ በአንድ ቦታ ለደረሰ መከራ፣ ፈዛዛ ሮዝ ደግሞ ማንም ሳይነካቸው በሕግ ፊት ግን ዋስትና ሳይኖራቸው ለኖሩባቸው ዓመታት። በዚህ አከፋፈል መሠረት ደማቅ ቀይ የሚሆነው ከ249 መጨረሻ እስከ 251፣ ከ257 እስከ 260፣ እና ከ303 እስከ 313 ያለው ብቻ ነው፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከ15 ዓመት እምብዛም አይዘልም።

የክፍላችን ኃላፊ ንድፉን አይቶ «ተማሪ አንድ ነገር ይዞ ይውጣ፤ አታወሳስበው» አለኝ። ምዕራፉን የሚገመግሙት ግን የቤተ ክርስቲያን ታሪክን ለረጅም ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት መምህር ስለነበሩ ጉዳዩ ወደ እርሳቸው ተመራ። ቢሮዬ መጥተው ንድፉን ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሮዝ ያደረግከው ዘመን የሰላም ዘመን ነበር ልትለን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

መልሴን የጀመርኩት ከፕሊኒ ደብዳቤ ነበር። ፕሊኒ በ112 ገደማ በዛሬዋ ሰሜናዊ ቱርክ፣ በቢታንያና በጳንጦስ፣ አገረ ገዥ ሳለ ክርስቲያኖች ተከሰው ሲቀርቡለት ለንጉሠ ነገሥቱ ለጥራያኖስ ይጽፋል። የክርስቲያኖች ችሎት ተገኝቶ ስለማያውቅ ሥርዓቱን እንደማያውቅ ይናገራል፤ ይህም ለየአገረ ገዥው የተላለፈ ቋሚ መመሪያ አለመኖሩን ያሳያል። ያም ሆኖ ክርስቲያን መሆናቸውን ሦስት ጊዜ ጠይቆ በቃላቸው የጸኑትን አስገድሏል። የንጉሠ ነገሥቱ መልስ አጭር ነበር፦ አይፈለጉ፤ ተከሰው ከተረጋገጠባቸው ይቀጡ፤ ለአማልክት ሠውቶ የካደ ይማር፤ ስም የሌለው ክስ አይቅረብ።

«ስለዚህ መምህር፣» አልኳቸው፣ «መንግሥት አያሳድናቸውም፤ ጠላት የሆነ ጎረቤት ግን በማንኛውም ቀን ሊከሳቸው ይችላል። አብዛኛው ክርስቲያን ሳይከሰስ ዕድሜውን ጨረሰ፤ በ177 በሊዮን፣ በ203 በቅርጣግና ያሉት ግን ተገደሉ። ሮዙ ይህን ሥጋት ነው የሚያሳየው፤ ነጥቦቹም እነዚያን ከተሞች።» የእስክንድርያው ኦሪገንንም ጠቀስኩላቸው፤ አባቱ በስደት የተገደለበት፣ በኋላም ራሱ የተሠቃየ ሰው ነው። ይህ ሰው በ248 ገደማ ሲጽፍ፣ ስለ ክርስትና የሞቱት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት፣ በቀላሉ ሊቆጠሩ የሚችሉ እንደሆኑ ይናገራል። መምህሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ወደ ንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ አለፉ።

በዳኬዎስ ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ወጥቶ ግዛቱን ሁሉ ያዳረሰ የመጀመሪያው አዋጅ መጣ። የአዋጁ ቃል ራሱ አልተገኘም፤ ከግብፅ፣ በተለይም ከፋዩም፣ በፓፒረስ የተጻፉ ከ40 በላይ የምስክር ወረቀቶች ግን ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በ250 ሰኔና ሐምሌ የተጻፉ ናቸው። አቤቱታ አቅራቢው ለመሥዋዕት አስፈጻሚዎቹ ስሙንና መንደሩን ይጽፋል፤ ዘመኑን ሁሉ ለአማልክት ሲሠዋ እንደኖረ፣ አሁንም በአዋጁ መሠረት በፊታቸው የመጠጥ ቁርባን እንዳፈሰሰ፣ እንደሠዋ፣ ከመሥዋዕቱም እንደቀመሰ ይገልጻል፤ ይህንንም በፊርማቸው እንዲያረጋግጡለት ይለምናል። በአንደኛው ላይ አውሬልዮስ ዲዮጋንስ የተባለ የ72 ዓመት ሽማግሌ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው ሳይቀር ተመዝግቧል።

በምዕራፉ ረቂቅ ውስጥ እነዚህ ወረቀቶች «ክርስቲያኖች እንዲክዱ የተሰጡ» ተብለው ነበር፤ እኔ ግን ያ ዐረፍተ ነገር እንዲለወጥ አጥብቄ ጠይቄያለሁ። ከወረቀቶቹ አንዱ የአውሬልያ አሞኑስ ነው፤ እርሷም የጴጤሱኮስ፣ ማለትም በፋዩም የሚመለክ የአዞ አምላክ፣ ካህን ነበረች። የጣዖት ካህን ሳትቀር ለአማልክት ስለመሠዋቷ ማስረጃ ማውጣት ከነበረባት፣ ትእዛዙ የተላለፈው ለግዛቱ ነዋሪ ሁሉ ነበር ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ዳኬዎስ በመጀመሪያ ያሰበው ግዛቱን ሁሉ በአንድ የመሥዋዕት ሥርዓት ማሰር እንደነበር ይናገራሉ። ውጤቱ ግን ከማንም በላይ የከበደው መሠዋት በማይችሉት በክርስቲያኖች ላይ ነበር፤ የሮሙ ጳጳስ ፋቢያኖስ በ250 መጀመሪያ ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ፣ ብዙዎችም ሠዉ ወይም ሳይሠዉ ወረቀቱን በገንዘብ ገዙ። ዳኬዎስ በ251 ከጎቶች ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ አዋጁም ከእርሱ ጋር ቀረ።

እዚህ ድረስ ብዙም አልተከራከርንም። መምህሩ እጃቸውን በንድፉ ላይ ያሳረፉት ከ260 እስከ 303 ያለውን ጭራሽ ያለ ቀለም ትቼው ሲያዩ ነው። «ይህን አልቀበልህም» አሉ። «እኛ በባሕረ ሐሳባችን ዓመተ ሰማዕታትን የምንቆጥረው ከ284፣ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ ጀምረን ነው። አባቶቻችን የሰማዕታት ዓመት ብለው የቆጠሩትን ዓመት አንተ በምን ሥልጣን ነጭ ታደርገዋለህ?»

ይህ ጥያቄ በዚያ መጽሐፍ ዝግጅት ውስጥ ከቀረቡልኝ ሁሉ የከበደው ነበር፤ ሰውየው የሚናገሩት ከእምነታቸውም ከዕውቀታቸውም ነውና በአክብሮት ልመልስላቸው ሞከርኩ። ግብፃውያን ዓመትን በነገሥታት ዘመን ይቆጥሩ ስለነበር፣ የዲዮቅልጥያኖስ ቁጥር መጀመሪያ የንግሥና ቁጥር እንጂ የስደት ቁጥር እንዳልነበረ ነገርኳቸው። የሰማዕታት የሚለውን ስም የሰጡት በኋላ የመጡት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ቁጥሩ ከ284 ቢነሣም የመጀመሪያው አዋጅ በኒቆምዲያ የወጣው በየካቲት 303፣ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ቀድሞ ንጉሠ ነገሥት ጋሊየኖስ በ260 አባቱ ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያኖስ በ257 ያስነሣውን ስደት አቁሞ የአምልኮ ቦታዎቻቸው እንዲመለሱላቸው ለጳጳሳቱ ጽፏል። ስደቱን በዐይኑ ያየው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ራሱ፣ ከስደቱ በፊት ክርስቲያኖች አውራጃ እስከማስተዳደር መድረሳቸውን፣ በቤተ መንግሥት ማገልገላቸውን፣ በየከተማውም ሰፋፊ አብያተ ክርስቲያናት መሥራታቸውን መዝግቧል። ከ303 ጥቂት ቀደም ብሎ በሠራዊቱ ውስጥ የጀመረውን ማስጨነቅ ደግሞ በነጥብ አሳይቼዋለሁ።

መምህሩ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ግብፅን አድምቅልኝ» አሉ። በዚህ ፍጹም ትክክል ነበሩ። ከ303 በኋላ የነበረው ታላቁ ስደት እንኳ በሁሉም ቦታ አንድ አልነበረም። ቆንስጣንስዮስ ይገዛቸው በነበሩት በጋሊያና በብሪታንያ ሕንፃዎች ከመፍረሳቸው በቀር ሰው እንዳልተነካ የዘመኑ ክርስቲያን ጸሐፊ ላክታንትዮስ ጽፏል፤ በጣሊያንና በሰሜን አፍሪካ ጽኑው መከራ የቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በፍልስጤም አውሳብዮስ በዝርዝር የመዘገባቸው ሰማዕታት፣ በስምንት ዓመት ውስጥ፣ 100 አይሞሉም። በላይኛው ግብፅ ግን ያው ሰው ራሱ ቆሞ ሲያይ በአንድ ቀን ውስጥ 10፣ 20፣ 60፣ አንዳንዴም 100 ሰዎች፣ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር፣ ይገደሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ጋሌርዮስ በሚያዝያ 311 ስደቱን በአዋጅ ካነሣ በኋላ እንኳ የምሥራቁ ገዥ መክሲሚኖስ ዳያ ዳግም ቀሰቀሰው፤ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው የእስክንድርያው ጴጥሮስ አንገቱ የተቆረጠው በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታትን ታሪክ በአብዛኛው የተቀበለችው ከዚያች፣ ከሁሉ ይልቅ ከተጎዳችው ግብፅ በመሆኑ፣ በስንክሳራችን የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ያን ያህል ቦታ መያዙ ከእውነታ የተነሣ እንጂ የተጋነነ አይደለም። ስሕተት የሚሆነው የግብፅን 10 ዓመት ወስዶ ለብሪታንያና ለ249 ዓመት መስጠት ነው።

መምህሩ አዲሱን ንድፍ፣ ግብፅ እንዲደምቅ የሚለውን ማስተካከያ ጨምረው፣ በፊርማቸው አጸደቁት። ኃላፊው ግን ለማተሚያ ቤቱ የተሰጠው ቀን ደርሷል በማለት የመጀመሪያውን ቀይ መስመር እንዳለ አስገባና «የስደቱ ክብደት ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር» የሚል የግርጌ ማስታወሻ ጨመረበት። ማስታወሻው በቂ እንዳልሆነ በጽሑፍ አሳወቅኩ፤ በጋሊየኖስና በዲዮቅልጥያኖስ አዋጆች መካከል ላሉት 43 ዓመታት ጥያቄው የክብደት ጉዳይ አይደለም፤ በግዛት ደረጃ የታወጀ ስደት ከነጭራሹ አልነበረምና። ለደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። መጽሐፉ ወጥቶ በየትምህርት ቤቱ ተሠራጭቷል፤ አውሳብዮስ የአብያተ ክርስቲያናት ግንባታ ዘመን ያለው 290ም፣ በላይኛው ግብፅ ሰው በብዛት ይገደልበት የነበረው ከ303 በኋላ ያለው ዘመንም በእኩል ቅላት ታትመዋል። መምህሩ የፈረሙበትን ንድፍ ለሁለተኛው እትም ዳግም አቅርቤዋለሁ።