በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ፦ ያለ ዘመድ ሥራ የፈለግኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ተምሬ ደብረ ሲና ቤተሰቦቼ ጋ የተመለስኩት ሐምሌ ላይ ነው። በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ፤ የሥራ ልምድ ግን የለኝም፣ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድም የለኝም። መጀመሪያ ያደረግሁት በባቻችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ሥራ ካለ አሳውቁኝ» ብዬ መጻፍ ነበር። ሦስት ልጆች «እኛም እየፈለግን ነው» አሉኝ፤ በዚያው ቀረ።

ከሳምንት በኋላ በደብተር የማውቃቸውን ሰዎች ስም ዘረዘርኩ። ሠላሳ አራት ሆኑ። ከየስሙ ጎን ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ ይህ ሰው ስሠራ በዓይኑ ያየው ምንድን ነው? በአንድ ደቂቃ ሊመልስልኝ የሚችለው ጥያቄስ የቱ ነው? የመጀመሪያው ረድፍ ለአብዛኞቹ ባዶ ቀረ፤ አብረን ካፌ የተሰለፍን ልጆች እንኳ ምን እንደምችል አያውቁም። ብዙ የምጽፈው የተገኘው ለአራት ወር ኢንተርንሺፕ በወጣሁበት ፋብሪካ የጥገና ፎርማኑ ስም አጠገብ ነው።

እዚያ አንድ ቀን የኮንቬየር ሞተር ደጋግሞ ትሪፕ አደረገ፤ ተነስቶ ትንሽ ይሠራና በራሱ ይጠፋል። አንዱ ኤሌክትሪሽያን ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲስብ የሚያጠፋውን የኦቨርሎድ ሪሌ ሴቲንግ ከፍ ሊያደርግ ሲል ፎርማኑ አስቆመውና በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ለእኔ ሰጠኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሦስቱንም ፌዝ ለኪ» አለኝ። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያደርሱት ሦስት መስመሮች ሁለቱ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው በላይ ይስባሉ፤ ሦስተኛው ዜሮ ነው። ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን ኮንታክተር ሲከፍቱት የአንዱ ፌዝ መገናኛ ተቃጥሏል። ሴቲንጉ ከፍ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ራሱ ይቃጠል ነበር። ማታ ምልክቱን፣ የለካሁትን፣ ምክንያቱንና የተደረገውን ለየብቻ ጻፍኩ። እስከዚያ ቀን ለግቢ በምናስገባው ሎግ ቡክ ላይ የምጽፈው «ዛሬ ጥገና ክፍል ነበርኩ» ብቻ ነበር። ፎርማኑ ደብተሩን ካየ በኋላ ማሽን በተበላሸ ቁጥር ያስጠራኝ ጀመር።

ታዲያ ይህን ሰው ከዚያ ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ አልደወልኩለትም። ለእንቁጣጣሽ ደውዬ እንኳን አደረሰዎት ብዬ ወደ ሥራው ነገር ስገባ «ሲቸግርሽ ነው የምታስታውሽን?» አለኝ። እየሳቀ ነው፣ ግን ገባኝ። ይቅርታ ጠየቅሁና ሥራ ይፈልጉልኝ ማለቱን ትቼ «ጋሼ፣ ቅጥር ሲኖር ማስታወቂያው የት ነው የሚወጣው?» አልኩት። «በር ላይ ይለጠፋል፤ አምስት ቀን ቆይቶ ይነሳል» አለኝ። እኔ ደብረ ሲና ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ስጠብቅ ነበር እኮ!

መምህሬም ጋ መጀመሪያ የላክሁት መልእክት መልስ አላገኘም። «ሰላም ቲቸር፣ ሥራ ካለ» ነበር ያልኩት፤ ስሜንም አልጻፍኩም። በመቶ የሚቆጠር ተማሪ ያስተማረ ሰው በምን ያውቀኛል? በኋላ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በሞተር ጥበቃ ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሠራነው ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ አማካሪያችን እርስዎ ነበሩ። ከእኛ በፊት ተመርቀው ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ጥገና ላይ የሚሠሩ ተማሪዎችዎ ካሉ፣ ስለ መግቢያ ፈተናው አንድ ሁለት ጥያቄ እንድጠይቃቸው ያገናኙኛል?» በማግስቱ ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ልጅ አስፈቅዶ ስልኩን ላከልኝ፣ የራሱንም ስም እንድጠቅስ ፈቀደ። ልጁ ፈተናው በቲዎሪ ላይ እንደማያተኩር ነገረኝ፤ የኮንትሮል ሰርኪት ያስነብባሉ፣ ብልሽት ሰጥተው ከየት ትጀምራለህ ይላሉ።

የቀረው በሩን የሚያይልኝ ሰው ነበር። ከደብረ ሲና ለዚህ ብሎ በየሳምንቱ ጣርማ በርን መውጣት ኪስ ይጎዳል። ከደብተሬ ውስጥ ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ መንደሩ አጠገብ የሚኖር አንድ የሴክሽን ልጅ አገኘሁ፤ ግቢ ሳለን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። በዚያ ስታልፍ በር ላይ የተለጠፈውን በስልክህ አንሳልኝ፣ እኔ ደግሞ በሌሎች የሥራ መስኮች የማገኘውን እልክልሃለሁ ተባባልን። የቅርብ ጓደኞቼ የሚያዩት እኔ የማየውን ማስታወቂያ ነው፤ የእሱ መንገድ ግን ሌላ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ፎቶው መጣ፦ ጁኒየር ኤሌክትሪሽያን፣ ዜሮ ዓመት፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው። ቴምፖራሪ ዲግሪዬን አስቀድሜ ባላወጣ ኖሮ አይደርስልኝም ነበር።

ማስታወቂያውን ያወጣው ፎርማኑ የሚሠራበት ፋብሪካ አይደለም፤ ስለዚህ ስሙ እዚያ አይሠራም። እንደማንኛውም ሰው ተፈተንኩ። ከጽሑፉ በኋላ በቃል ሲጠይቁኝ አንደኛው ፈታኝ «ሞተር ትሪፕ እያደረገ አስቸገረ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አለኝ። የኮንቬየሩን ታሪክ ከነልኬቱ ነገርኩት። «ይህን ያየ ሰው አለ?» ሲለኝ የፎርማኑን ስልክ ሰጠሁ። አስቀድሜ አስፈቅጄው ነበር።

ሁለት ሰው ነበር የሚፈልጉት፣ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። ተጠባባቂ ተብዬ ተመለስኩ። ከሁለቱ አንዱ ሳይመጣ ቀረና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደወሉልኝ። ፎርማኑ ጋ የደወልኩት የዚያኑ ዕለት ማታ ነው፤ «ዛሬስ ምን ቸገረሽ?» ብሎ ነው ያነሳው።